ተዳፋት ላይ የቆመ ሳጥን፦ ስለ ፍሪ ቦዲ ዲያግራሙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፊዚክስ ሳስጠና ልጆች ሁሌ የሚንሸራተቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ እያለ ሁሉም ጎበዝ ነው፣ ጠረጴዛውን ትንሽ ዘንበል ሳደርገው ግን ያለቀለት ነው :) ስለዚህ በቴክስት ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ሁሉንም በአንድ ምሳሌ ነው የምሄደው ቁጥር እንዳይቀያየርባችሁ።

ምሳሌው ይሄ ነው። አይሱዙ ላይ እቃ ለመጫን የሚደገፈውን ጣውላ ታውቁታላችሁ አይደል፣ እሱ ጣውላ ከመሬት ጋር 30 ዲግሪ ሰርቶ ተደግፏል፣ መሃሉ ላይ 10 ኪሎ ሳጥን ቁጭ ብሏል፣ አይንቀሳቀስም። g 10 እንበለው ለሂሳብ እንዲቀል፣ ስለዚህ ክብደቱ 100 N። በሳጥኑና በጣውላው መሃል የፍሪክሽን ኮኤፊሸንቱ፣ μ የምንለው፣ ስታቲኩ 0.6፣ ካይኔቲኩ 0.4። ወረቀት አውጡና ሳጥኑን፣ እሱ ላይ ያሉትን ፎርሶች ደግሞ በቀስት ሳሉ፣ ሳትስሉ ማንበብ ትርፉ ድካም ነው።

ስዕሉ ላይ ሶስት ቀስት ነው ወይስ አምስት? አንዳንዱ መፅሐፍ ላይ አምስት አያለሁ

ሶስት። ሳጥኑን ምን ነካው ብላችሁ ጠይቁ። የነካው ጣውላው ብቻ ነው፣ ጣውላው ደግሞ ሁለት ነገር ያደርገዋል፣ አንደኛ ወደ ውጪ ይገፋዋል፣ እሱ ኖርማል ፎርስ ነው፣ ከጣውላው ገፅ ጋር ቀጤ ነክ ሆኖ ይሳላል። ሁለተኛ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፣ እሱ ፍሪክሽን ነው፣ በጣውላው አቅጣጫ ወደ ላይ። ሳትነካው የምትስበው መሬት ብቻ ናት፣ የሷ ቀስት ክብደቱ ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች። አለቀ።

አምስት ያደረጉት mg sin 30° = 50 N እና mg cos 30° = 86.6 N የሚባሉትን ሁለት ቀስቶች ጨምረው ነው። እነሱ ግን አዲስ ፎርስ አይደሉም፣ የዛችው 100 N ዝርዝር ናቸው። መቶ ብር ዘርዝራችሁ ዝርዝሩንም መቶ ብሩንም አንድ ላይ ብትቆጥሩ ባለሱቁ ይስቅባችኋል፣ ይሄም እንደዛ ነው። ስለዚህ እኔ ኮምፖነንቶቹን በነጠብጣብ መስመር ነው የምስላቸው፣ ከዘረዘርኩ በኋላ ዋናው የ mg ቀስት ላይ ትንሽ ጭረት አደርግበታለሁ፣ "ይሄ ተዘርዝሯል" ለማለት። ጭረቷ ብዙ ልጅ አድናለች።

ግን 50 እና 87 ሲደመር 137 ነው የሚመጣው እኮ፣ 100 አይደለም፣ ዝርዝሩ ለምን በለጠ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የብሩ ምሳሌዬ እዚህ ጋ ነው የሚያልቅበት። ሁለቱ ኮምፖነንቶች እርስ በርስ 90 ዲግሪ ስለሆኑ እንደ ብር አይደመሩም፣ በፓይታጎረስ ነው። 50 ስኩዌር 2500፣ 86.6 ስኩዌር 7500፣ ድምሩ 10000፣ ሩቱ 100። ልክ መጣ። ኮምፖነንት ባሰላችሁ ቁጥር ይቺን ቼክ አድርጉ አስር ሰከንድ አትፈጅም፣ ካልመጣ አንድ ቦታ ሳይን ኮሳይን አበላሽታችኋል ወይ ካልኩሌተራችሁ ራዲያን ላይ ነው። የራዲያኑ ደሞ ያስታውቃል፣ sin 30 ብላችሁ 0.5 በማለት ፈንታ -0.988 ካላችሁ ዲግሪ ላይ መልሱት።

አክሲሱን ለምን እናዘነብለዋለን? ወደ ጎን x ወደ ላይ y ብዬ ብሰራ አይሆንም?

ይሆናል። ፊዚክሱ ግድ የለውም፣ የሚሰቃየው የእናንተ እጅ ነው። ሳጥኑ ቢንቀሳቀስ በጣውላው ላይ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ጣውላውን ሰንጥቆ አይገባም ወደ አየርም አይነሳም፣ ስለዚህ x ን በጣውላው አቅጣጫ ካደረጋችሁት አክስለሬሽኑ በሙሉ x ላይ ይቀመጣል፣ y ላይ ሁሌ ዜሮ ነው። ሌላው ደግሞ ከሶስቱ ቀስት ሁለቱ (N እና f) አክሲሱ ላይ ልክክ ይላሉ፣ የሚዘረዘረው mg ብቻ ይቀራል። አክሲሱን ካላዘነበላችሁ ግን N ንም f ንም ሁለቱን ትዘረዝራላችሁ። አንዴ ሞክሩት ለማየት ያህል፣ ሁለተኛ አትሞክሩትም።

sin ነው cos? ሁሌ ይምታታብኛል፣ በቃል ያዝኩት ግን ፈተና ላይ ይጠፋኛል

በቃል መያዙን ተዉት። ጣውላውን መጀመሪያ መሬት ላይ አስተኙት በሃሳባችሁ። አሁን ከጣውላው ቀጤ ነክ የሆነው መስመርና የ mg ቀስት አንድ ላይ ተደራርበዋል፣ መሃላቸው ያለው ማዕዘን ዜሮ። ከዛ የጣውላውን አንድ ጫፍ 30 ዲግሪ አንሱ። ቀጤ ነኩ መስመር ከጣውላው ጋር አብሮ 30 ይዞራል፣ mg ግን ወዴትም አይሄድም፣ መሬት የት እንዳለች ያውቃል። ስለዚህ በ mg እና በቀጤ ነኩ መስመር መሃል የተፈጠረው ማዕዘን 30 ነው። የማዕዘኑ ጎረቤት የሆነው ኮምፖነንት (ጣውላው ውስጥ የሚጫነው) ኮሳይን ይወስዳል፣ ተቃራኒው (በጣውላው ወደ ታች የሚጎትተው) ሳይን።

ከተጠራጠራችሁ ደግሞ ማዕዘኑን ዜሮ አድርጉት፣ ጣውላው ጠፍጣፋ ነው ማለት ነው፣ ወደ ጎን የሚጎትት ነገር መኖር የለበትም፣ sin 0 ዜሮ ነው፣ ስለዚህ የሚጎትተው ሳይን ነው። በቃ።

አንድ ተንኮል አለ ግን። አንዳንድ ጥያቄ ላይ ማዕዘኑን ከመሬት ሳይሆን ከግድግዳው ጋር ይሰጧችኋል፣ "ጣውላው ከመኪናው ጎን ጋር 60 ዲግሪ ይሰራል" ምናምን እያሉ፣ እዛ ጋ 60 ን ዝም ብላችሁ ሳይን ውስጥ ከከተታችሁት ሁሉም ይገለበጣል። "ሁሌ ሳይን" ብሎ የያዘ ልጅ እዛ ነው የሚያልቀው፣ ስዕሉን ያየ ግን 60 ን ወደ 30 ቀይሮ ይቀጥላል።

ኖርማል ፎርሱ ለምን 100 አልሆነም? ሳጥኑ 100 N ይመዝናል አይደል?

ይመዝናል፣ ግን ጣውላው ላይ የሚጫነው ከሱ 86.6 ው ብቻ ነው፣ ሌላው ኮምፖነንት በጣውላው አቅጣጫ ወደ ታች ነው የሚሄደው። y ላይ ምንም እንቅስቃሴ ስለሌለ N = mg cos 30° = 86.6 N። ነገር ግን ይቺንም ፎርሙላ ብላችሁ እንዳትይዟት፣ y ላይ ሌላ ቀስት ከመጣ ትቀየራለች።

ለምሳሌ አንድ ሰው ሳጥኑ እንዳይንሸራተት ከታች በኩል ሆኖ ከመሬት ጋር ትይዩ በሆነ አቅጣጫ በ 40 N ገፋው እንበል። የእጁ ቀስት ከጣውላው ጋር ትይዩ አይደለም፣ ስለዚህ እሱም ይዘረዘራል፣ 40 cos 30° = 34.6 N በጣውላው ወደ ላይ፣ 40 sin 30° = 20 N ደግሞ ወደ ጣውላው ውስጥ። እንግዲህ N አሁን 86.6 + 20 = 106.6 N ሆነ፣ ከሙሉ ክብደቱም በለጠ! ይሄን ሳሳያቸው "ስህተት ነው" የሚሉኝ ልጆች አሉ፣ አይደለም፣ ሰውየው ሳጥኑን ጣውላው ላይ እያጣበቀው ነው። እዚህ ጋ የእጁ ቀስት ሳይንና ኮሳይኑ ከ mg ጋር ሲተያይ እንደተቀያየረ አያችሁ? ለዚህ ነው በቃል አትያዙ የምለው።

ፍሪክሽን = μN አይደል? 0.6 በ 86.6 አባዝቼ 52 አገኘሁ፣ መምህሩ ኤክስ አደረገብኝ

ልክ ነው ኤክስ ማድረጉ። ከዚህ ሁሉ ጥያቄ አንዱን ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይሄን አንብቡ።

ሳጥኑ ቆሟል። ቆሟል ማለት በጣውላው አቅጣጫ ያሉት ፎርሶች ተጣፍተዋል ማለት ነው። ወደ ታች የሚጎትተው 50 N ነው። ፍሪክሽኑ 52 ቢሆን ኖሮ 2 N ወደ ላይ ይተርፋል፣ ሳጥኑ ራሱ በራሱ ጣውላውን መውጣት ይጀምራል ማለት ነው፣ ማንም ሳይገፋው። እንደዛ የሚያደርግ ሳጥን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም፣ ካለ የጫኝና አውራጅ ስራ አልቆለታል።

ስለዚህ ፍሪክሽኑ 50 N ነው። 52 ቱ ምንድነው ታዲያ? ጣሪያው ነው። ጣውላው "እስከ 52 ድረስ መያዝ እችላለሁ" ነው የሚለው፣ የሚይዘው ግን የተጠየቀውን ያህል ብቻ ነው። ስታቲክ ፍሪክሽን ፎርሙላ ያለው ቁጥር ሳይሆን መልስ ነው፣ ሌሎቹን ቀስቶች ከጨረሳችሁ በኋላ "ለመቆም ስንት ጎደለ?" ብላችሁ የምታገኙት። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ታሰላላችሁ (50)፣ ከዛ ጣሪያውን ታሰላላችሁ (52)፣ ከዛ ታወዳድራላችሁ። ከጣሪያው በታች ከሆነ ይቆማል፣ ፍሪክሽኑም የሚያስፈልገው ቁጥር ነው። ከበለጠ ይንሸራተታል፣ ያኔ ሁለቱንም ትጥሉና ወደ ካይኔቲኩ ትሄዳላችሁ። ምርጫ ጥያቄ ላይ 50 ም 52 ም ቁጭ ብለው ነው የሚጠብቋችሁ።

ቅድም በ 40 N ሲገፋው የነበረውን ሰውዬ መልሱት፣ ፍሪክሽኑ ስንት ሆነ? ወደ ታች 50፣ እጁ ወደ ላይ 34.6፣ የጎደለው 15.4 N። ጣሪያው ደግሞ ከፍ ብሏል፣ 0.6 × 106.6 = 64 N። ጣሪያው ወጣ፣ ፍሪክሽኑ ራሱ ግን ወረደ። ይሄ የገባው ልጅ ፍሪክሽን ገብቶታል።

ፍሪክሽን ሁሌ ወደ ላይ ነው የሚሳለው?

አይደለም። አሁን እጁን ተዉትና ሳጥኑ ላይ ገመድ እሰሩ፣ በጣውላው አቅጣጫ ወደ ላይ ሳቡት። በ 20 N ስትስቡ የጎደለው 30 ነው፣ ፍሪክሽን 30 N ወደ ላይ። በ 50 ስትስቡ ምንም አልጎደለም፣ ፍሪክሽን ዜሮ፣ ቀስቱን ከስዕሉ አጥፉት። በ 70 ስትስቡ ሳጥኑ አሁን ወደ ላይ ሊሄድ ነው የሚፈልገው፣ ጣውላው ወደ ታች ይይዘዋል፣ 20 N ወደ ታች። ሳጥኑ በሶስቱም ጊዜ ንቅንቅ አላለም፣ ፍሪክሽኑ ግን ዞሮ ተገለበጠ። ወደ ላይ መንቀሳቀስ የሚጀምረው ገመዱ ከ 50 + 52 = 102 N ሲያልፍ ነው፣ ማለትም ሳጥኑን በእጅ ብድግ ከማድረግም ትንሽ ይበልጣል፣ ሻካራ ጣውላ እንደዚህ ነው ጉልበት የሚበላው።

አቅጣጫው ካጠራጠራችሁ አንዱን ዝም ብላችሁ ምረጡና ስሩ፣ መልሱ ኔጌቲቭ ከመጣ ተገላቢጦሽ ነው ማለት ነው። ይሄ ግን ለቆመ ሳጥን ብቻ ነው የሚሰራው። ለሚንሸራተት ሳጥን አቅጣጫውን እናንተ ናችሁ ከእንቅስቃሴው ተቃራኒ አድርጋችሁ የምትሰጡት፣ እዛ ገምታችሁ ከተሳሳታችሁ ኔጌቲቩ አያድናችሁም፣ ቁጥሩ ራሱ ነው የሚበላሸው።

ቆሞ የነበረ ሳጥን ትንሽ ነካ ሲያደርጉት ለምን ሄደ ሄደ ሄደ?

ይሄን ጫኞቹ ከኛ በፊት ነው የሚያውቁት። ቆሞ እያለ ጣሪያው 52 ነበር፣ 50 ን ይችላል። አንዴ ከተንቀሳቀሰ ግን ስታቲኩ የለም፣ ካይኔቲኩ ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ ጣሪያ ሳይሆን ቁርጥ ያለ ቁጥር ነው፣ 0.4 × 86.6 = 34.6 N። ወደ ታች 50፣ ወደ ላይ 34.6፣ ትርፉ 15.4 N፣ ለ 10 ኪሎ ሲካፈል 1.54 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር። ስለዚህ አይቆምም፣ እየፈጠነ ይወርዳል። μN ን ያለ ሃሳብ መጠቀም የሚቻለው እዚህ ጋ ነው።

ወደ ላይ በእርግጫ ብትሉትስ? እየወጣ እያለ ፍሪክሽኑ ወደ ታች ይገለበጣል፣ ስበቱም ወደ ታች ነው፣ ሁለቱ ይተባበሩበታል፣ 50 + 34.6 = 84.6 N፣ ስለዚህ በ 8.46 ነው ፍጥነቱ የሚቀንሰው፣ ቶሎ ይቆማል። ከቆመ በኋላ ተመልሶ ይወርዳል? ብዙ ሰው አዎ ይላል። አይወርድም! ከቆመ እንደገና ስታቲክ ነው፣ ጣሪያው 52 ነው፣ እዛው ተለጥፎ ይቀራል። አንድ ሳጥን ሶስት የተለያየ ዲያግራም አለው፣ ሲወጣ አንድ፣ ቆሞ አንድ፣ ሲወርድ አንድ። በአንድ ስዕል ሁሉንም ልስራ ያለ ሰው መሃል ላይ ይጠፋል።

አክስለሬሽኑን እንደ ቀስት ልሳለው? ma የሚለውን

ከሳጥኑ ጎን ለብቻው በሌላ ቀለም ከሆነ ሳሉት፣ ሳጥኑ ላይ ግን አይሆንም። ma የፎርሶቹ ድምር ውጤት ነው እንጂ ማንም የገፋው ፎርስ አይደለም። እዛው ከሰካችሁት ሁለቴ ትቆጥሩታላችሁ።

N እና mg አክሽን ሪአክሽን ናቸው አይደል?

አይደሉም። ሁለቱም አንድ ሳጥን ላይ ናቸው፣ አክሽን ሪአክሽን ግን ሁሌ ሁለት የተለያየ አካል ላይ ነው። የ N ጥንድ ሳጥኑ ጣውላውን የሚጫንበት ነው፣ የ mg ጥንድ ሳጥኑ መሬትን የሚስብበት ነው (አዎ ይስባታል)። ተዳፋት ላይማ ጭራሽ እኩልም አይደሉም፣ 86.6 እና 100፣ አቅጣጫቸውም ተቃራኒ አይደለም፣ ይሄ ብቻ ይበቃ ነበር።

ሳጥኑን ከባድ ብናደርገው ቶሎ አይንሸራተትም?

አይንሸራተትም። 10 ኪሎውን 50 ኪሎ ብታደርጉት የሚጎትተው 250 ይሆናል፣ ጣሪያውም 260 ይሆናል፣ ሁለቱም በአምስት ተባዙ፣ ማንም አላሸነፈም። m ከሁለቱም ጎን ይጠፋል፣ የሚቀረው tan θ ከ μ ጋር ሲወዳደር ነው። tan 30° 0.577 ነው፣ ከ 0.6 ያንሳል፣ ይቆማል። 31 ዲግሪ ላይ tan 0.601 ይሆናል፣ ይሄዳል። አንድ ዲግሪ ናት የለየችው።

ቤታችሁ መሞከር ይቻላል፣ ደብተር ላይ ላጲስ አድርጉና ቀስ እያላችሁ አንሱ፣ መንሸራተት ሲጀምር አቁሙና የተነሳውን ከፍታ መሬት ላይ ባለው ርቀት አካፍሉ፣ 15 ሳንቲም ለ 25 ሳንቲም ከሆነ 0.6፣ ስታቲክ ኮኤፊሸንታችሁ እሱ ነው። ማሱን መለካት አላስፈለጋችሁም።

ቀስቶቹን ከሳጥኑ የት ጋ ነው የምጀምረው?

ሳጥኑን እንደ አንድ ነጥብ ካያችሁት ከመሃሉ፣ እኛ እስካሁን እንደዛ ነው የሰራነው፣ ምንም ችግር የለውም። ግን ሳጥኑ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ይሄ ዲያግራም የማይነግራችሁ ነገር አለ። ወርዱ (በጣውላው አቅጣጫ) ግማሽ ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ እቃ ይሄው ጣውላችን ላይ ብታቆሙ ፍሪክሽኑ ይችለዋል፣ አይንሸራተትም፣ ግን ይገለበጣል፣ ምክንያቱም 0.5 ለ 1 ከ 0.577 ያንሳል፣ ክብደቱ ከስር ጠርዙ ውጪ ያልፋል። ነጥብ አይገለበጥም፣ እቃ ግን ይገለበጣል። እንደዛ አይነት ጥያቄ ሲመጣ mg ን ከመሃሉ፣ f ን ከስሩ ሳሉ፣ N ደግሞ ከስሩ ሆኖ ከመሃል ወደ ታችኛው ጠርዝ ጠጋ ይላል፣ ከዛ ቶርክ ነው የምትሰሩት። እሱን በሌላ ጊዜ ለብቻው እፅፈዋለሁ፣ ፍሪጅ በጣውላ ያወረደ ሰው ካለ ግን ነገሩ ከወዲሁ ገብቶታል።